የትኛው መርህ ተጣሰ? የፋዮልን መርሆች ከሥራ ቦታ ታሪኮች ጋር ማዛመጃ መመሪያ

በማኔጅመንት ፈተናዎች ላይ በተደጋጋሚ የሚመጣ የጥያቄ ዓይነት አለ። አራት አምስት መስመር የምትሆን የመሥሪያ ቤት ታሪክ ትቀርብና “በዚህ ታሪክ የተጣሰው መርህ የትኛው ነው?” ይባላል። አሥራ አራቱን መርሆች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚወጣው ተማሪ ሳይቀር እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። በመሥሪያ ቤት ስብሰባም ያው ነው፤ ችግሩ ምንም ይሁን ምን አንድ ሰው ይነሳና “የዕዝ ሰንሰለት አልተከበረም” ይላል፤ ሌላው “አደረጃጀቱ ነው” ይላል፤ ስብሰባው በዚያው ይበተናል።

ስህተቱ የሚመጣው መርሁን በቃላት ሽታ ከመፈለግ ነው። ታሪኩ ውስጥ “አለቃ” የሚል ቃል ሲታይ የትእዛዝ አንድነት፣ “ደብዳቤ” ሲታይ የዕዝ ሰንሰለት፣ “ሥራ በዛ” ሲባል የሥራ ክፍፍል ይባላል። ከዚህ ይልቅ መጀመሪያ ታሪኩን በወረቀት ላይ መሣል፣ የመርሁን ስም ደግሞ መጨረሻ ላይ መጥራት ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ለፈተናም ለእውነተኛ ቢሮም ያገለግላሉ። ይበልጥ የምንቆየው በሦስቱ መርሆች ላይ ነው፤ የትእዛዝ አንድነት፣ የዕዝ ሰንሰለትና የሥራ ክፍፍል። ሌሎቹን የምናነሳቸው ከእነዚህ ጋር ሲምታቱ ብቻ ነው።

ከመጀመራችን በፊት፦ መርሆቹ ከየት መጡ?

ሄንሪ ፋዮል የዩኒቨርሲቲ ሰው አልነበረም። የማዕድን መሐንዲስ ነበር። በ1841 ኢስታንቡል ውስጥ ከፈረንሳውያን ወላጆች ተወለደ፤ በሴንት ኤቲየን የማዕድን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1860፣ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በኮሞንትሪ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሥራ ጀመረ። በ1888 ኩባንያው ሊወድቅ ሲንገዳገድ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሾመና እስከ 1918 ድረስ መራው። አሥራ አራቱን መርሆች ያሳተመው በ1916 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋዮል በወጣትነቱ ያጋጠመውን አንድ ነገር በማስታወሻው ጽፎ ነበር፤ ለመለማመጃ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም። በግንቦት 1861 በማዕድኑ ስድስተኛ ደረጃ ላይ ከሰል የሚጎትት አንድ ፈረስ እግሩ ይሰበራል። ወጣቱ መሐንዲስ ምትክ ፈረስ እንዲሰጠው ማዘዣ ይጽፋል። የጋጣው ኃላፊ ግን ማዘዣው የሥራ አስኪያጁ ፊርማ የለበትም ብሎ አልሰጥም ይላል። ሥራ አስኪያጁ ቦታው ላይ የለም፤ እሱን እንዲተካ የተወከለም ሰው የለም። ፋዮል ቢለምን ቢያስረዳ የጋጣው ሰው ፍንክች አላለም።

የተጣሰው የትኛው መርህ ነው? መልሱን ለጊዜው እንተወውና መሣያውን እንያዝ።

እርምጃ 1፦ ታሪኩን ወደ ሣጥንና ቀስት ለውጡ

በታሪኩ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ ሣጥን ሣሉ። አለቃ ከላይ፣ ተጠሪው ከታች ይሁን። በመዋቅሩ የታወቀውን ተጠሪነት በቀጭን መስመር አያይዙ። ይህ ታሪኩ ከመፈጠሩ በፊት የነበረው ሥርዓት ነው።

ቀጥሎ በታሪኩ ውስጥ የሆነውን ነገር በቀስት ጨምሩበት። ትእዛዝ ከሆነ ድፍን ቀስት፣ ጥያቄ ወይም መረጃ ወይም ምክር ከሆነ የተቆራረጠ ቀስት ይሁን። በቀስቱ ላይ ጉዳዩን በሁለት ቃል ጻፉ፤ “40 ሣጥን ማውጣት”፣ “የፈቃድ ጥያቄ”፣ “የተሰበረ ቱቦ” እንደማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትእዛዝን ከጥያቄ ሲለይ ነው። ድምፅ ከፍ ማለቱ ትእዛዝ አያደርገውም። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሠራተኛው እምቢ ቢል፣ በዚህ ጉዳይ ሊጠይቀውና ሊቀጣው የሚችለው ይህ ሰው ነው ወይ? “አዎ” ከሆነ ድፍን ቀስት ነው። “አይደለም፣ ሄዶ ለአለቃው ይከሰዋል እንጂ” ከሆነ የተቆራረጠ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ “ኧረ ፍጠን!” እያለ ጠረጴዛ የሚደበድብ እንግዳ አለቃ አይደለም። እንግዳውና የአዳራሹ ኃላፊ አስተናጋጁን በሁለት አቅጣጫ ቢያጣድፉት የትእዛዝ አንድነት ተጣሰ አይባልም። ፈታኞች ይህችን ወጥመድ ይወዷታል።

እርምጃ 2፦ ወደ አንድ ሰው የሚገቡትን ድፍን ቀስቶች ቁጠሩ

የትእዛዝ አንድነት የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሠራተኛ ለአንድ ሥራ ትእዛዝ መቀበል ያለበት ከአንድ አለቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በሥዕላችሁ ላይ በአንድ ሣጥን ስለ አንድ ጉዳይ ከሁለት ቦታ የመጡ ሁለት ድፍን ቀስቶች ካያችሁ መርሁ ተጥሷል። ሁለቱ ትእዛዞች የግድ መጋጨት የለባቸውም። ዛሬ ቢስማሙ እንኳ ነገ የማን እንደሚከበር ሠራተኛው አያውቅም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

አንድ ታሪክ እስከ መጨረሻው እንሥራ። የሆቴል ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ አለች፤ ተጠሪነቷ ለግዥና ንብረት ኃላፊው ነው። ዓርብ ማታ ኃላፊው “የዕቃ ቆጠራ ላይ ስለሆንን ያለ እኔ ፊርማ አንድ ጠርሙስ እንዳይወጣ” ብሏት ይሄዳል። ቅዳሜ ለሠርግ ግብዣ የምግብና መጠጥ ኃላፊው ይመጣል።

“እህቴ፣ አርባ ሣጥን ለስላሳ ቶሎ አውጪልኝ፤ ሙሽሮቹ መንገድ ላይ ናቸው።”

“ጋሼ፣ የመጠየቂያው ቅጽ ሳይፈረም አልችልም። የእኛ ኃላፊ ቅዳሜ አይገባም።”

ሰውየው ለሆቴሉ ባለቤት ይደውልና ስልኩን ያቀብላታል። ባለቤቱ “ስጪው፣ እኔ አውቃለሁ” ይሏታል። ትሰጣለች። ሰኞ ቆጠራው ሲካሄድ አርባ ሣጥን ጎደለ፤ ወጪ የሆነበት የተፈረመ ሰነድ የለም። የግዥና ንብረት ኃላፊው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል።

አሁን ቀስቶቹን እንሣል። ከግዥና ንብረት ኃላፊው ወደ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ፦ ድፍን፣ “ያለ ፊርማ አይውጣ”። ከምግብና መጠጥ ኃላፊው ወደ እርሷ፦ የተቆራረጠ ነው፤ አለቃዋ አይደለም፣ ሊቀጣትም አይችልም። ከባለቤቱ ወደ እርሷ፦ ድፍን ነው፤ እምቢ ብትል ከሥራ ሊያባርሯት ይችላሉ። በአንድ ሣጥን ላይ ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ድፍን ቀስት ደረሰ፤ የተጣሰው የትእዛዝ አንድነት ነው፤ የጣሱትም ባለቤቱ ናቸው። ብዙ መልስ ሰጪዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት በምግብና መጠጥ ኃላፊው ላይ ነው፤ ቀስቱ የተቆራረጠ መሆኑን ስላላዩ ነው።

ለፈተና እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል። ለሥራ ቦታ ግን “ማን ጣሰ” የሚለው በቂ አይደለም፤ በየት በኩል ገባ የሚለው ይበልጥ ይጠቅማል። ፋዮል ሁለት አለቃ የሚፈጠርባቸውን በሮች ዘርዝሯል፤ እኔም ከዝርዝሮቹ ሁሉ በተግባር የሚጠቅመው ይህ ነው ባይ ነኝ። አንደኛው የበላይ አለቃ ጊዜ ለመቆጠብ ወይም በደንብ እንዲገባቸው ብሎ መካከለኛውን ኃላፊ ዘልሎ በቀጥታ ሲያዝ ነው። ሁለተኛው ሁለት ሸሪኮች፣ ጓደኛሞች ወይም የአንድ ቤተሰብ ሰዎች እኩል ሥልጣን ይዘው ድርሻቸውን ለመከፋፈል ሲተፋፈሩ ነው፤ በአገራችን የቤተሰብ ንግድ የሚሠራ ሁሉ ይህን በር ያውቀዋል። ሦስተኛው የሁለት ክፍሎች ወሰን ሳይለይ ሲቀር ነው። አራተኛው ክፍሎቹ የተለዩ ቢሆኑም ሥራቸው በየዕለቱ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ሲሆን ነው።

በሩን ካወቃችሁ መድኃኒቱም ይለያያል። ለሁለተኛው በር ወንድማማቾቹን አስቀምጦ “አንተ ወርክሾፑን፣ አንተ ሒሳቡንና ደንበኛውን” ማለት ያስፈልጋል፤ ለሦስተኛው የሥራ ዝርዝር መጻፍ፤ ለአራተኛው ሥራው የሚተላለፍበትን ነጥብና ሰዓት መቁረጥ። የሆቴሉ ታሪክ በመጀመሪያው በር የገባ ነው፤ ባለቤቱ ጊዜ ለመቆጠብ ዘለሉ። ታዲያ ባለቤቱን “አይዝለሉ” ብሎ መምከር ችግሩን ይፈታል? አይፈታም፤ ሙሽሮቹ መንገድ ላይ ናቸው። ሥዕሉን እንደገና ስታዩ ከባለቤቱ ቀስት በፊት አንድ ባዶ ቦታ ታገኛላችሁ፤ ቅዳሜ የሚፈርም ሰው የለም። ኃላፊው ፊርማውን ብቸኛ ቁልፍ አድርጎ ቁልፉን ይዞት ሄደ።

የፋዮል ፈረስ እዚህ ላይ ይመጣል። በማዕድኑ ጉድጓድ ሁለት አለቃ አልነበረም፤ ወደ ጋጣው ኃላፊ የገባው ድፍን ቀስት አንድ ነው፣ “ያለ ሥራ አስኪያጁ ፊርማ አትስጥ”። የፋዮል ማዘዣ የተቆራረጠ ቀስት ነው። ስለዚህ የትእዛዝ አንድነት አልተጣሰም፤ እንዲያውም የጋጣው ሰው አክብሮታል። የተጓደለው ሥልጣን ነው፤ አለቃው ሲሄድ ሥልጣኑን ለማንም አልወከለም። ፋዮል ከዚህ የወሰደው ትምህርት ሥልጣን ምንጊዜም ወኪል ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። የሆቴሉ ሠራተኛ ከጋጣው ሰው የምትለየው ስልክ በመኖሩ ብቻ ነው። ውክልናው ቢኖር ኖሮ ስልኩ ባልተደወለ ነበር። መፍትሔውም አጭር ደብዳቤ ነው፤ “ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት የዕቃ ወጪ ቅጽ ላይ በእኔ ፈንታ የተረኛው ሱፐርቫይዘር ይፈርማል፤ ሰኞ ጠዋት የፈረመበትን ቅጂ ለእኔ ያስረክባል።” ማስጠንቀቂያው ግን መነሳት አለበት፤ ሊሻር የማይችለውን ትእዛዝ ፈጽማ በእሱ መቀጣቷ ፍትሐዊነት የሚባለውን ሌላ መርህ ይነካል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ይህን ታሪክ በሞዴል 20 እና በሞዴል 22 ተክተው ቢያነቡት ያው ነው። በሞዴል 20 ሳይጠየቅና ሳይፈቀድ በሞዴል 22 ዕቃ አይወጣም፤ ፈቃጁ የሌለበት ቀን ግን በየሳምንቱ ይመጣል።

እርምጃ 3፦ ቀስቱ የሄደበትን መንገድ ተከተሉ

ሁለት ድፍን ቀስት ካላገኛችሁ፣ ወይም ታሪኩ የሚያጎላው መዘግየትንና መዝለልን ከሆነ፣ ወደ ዕዝ ሰንሰለት ሂዱ። የዕዝ ሰንሰለት ከላይኛው ባለሥልጣን እስከ ታችኛው ሠራተኛ የሚወርደው የኃላፊዎች መስመር ነው፤ ትእዛዝ በእሱ ይወርዳል፣ ሪፖርትና ጥያቄ በእሱ ይወጣል። በሥዕላችሁ ላይ ማየት ያለባችሁ ቀስቱ በቀጭኑ መስመር ላይ መሄዱን ነው። መሐል ላይ ያለን ሣጥን ዘልሎ ከሄደ ሰንሰለቱ ተዘልሏል።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ጥያቄዋን የክፍል ኃላፊዋን አልፋ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ብታስገባ መልሱ ግልጽ ነው፤ የዕዝ ሰንሰለት። ወደ ላይ መዝለል ትእዛዝ ስላልሆነ የትእዛዝ አንድነትን አይነካም። ወደ ታች መዝለል ግን፣ እንደ ሆቴሉ ባለቤት፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይጥሳል። ፈተና ላይ አንዱን ብቻ ምረጡ ከተባላችሁ ታሪኩ የማንን ጉዳት እንደሚተርክ ተመልከቱ። ሠራተኛው በሁለት ትእዛዝ መካከል ተይዞ ከሆነ የትእዛዝ አንድነት ነው። የተጎዳው መሐል ላይ ያለው ኃላፊ ከሆነ፣ በክፍሉ የሆነውን ሳያውቅ ቀርቶ ከሆነ፣ የዕዝ ሰንሰለት ነው።

የዕዝ ሰንሰለት ታሪኮች ሌላ መልክም አላቸው፤ ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ ተከብሮ ሥራ ሲበላሽ። ፋዮል ሰንሰለቱን ያለ ምክንያት መተው ስህተት ነው፣ ሥራው እየተጎዳ ሰንሰለቱን ሙጭጭ ብሎ መያዝ ደግሞ የባሰ ስህተት ነው ብሏል። ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ “ድልድይ” ይባላል።

በአንድ ከተማ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት እናስበው። አንድ ነዋሪ መስኮት ላይ መጥቶ በሰፈሩ ዋና ቱቦ መፈንዳቱን ለደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋ ይነግራታል። በሰንሰለቱ ብትሄድ ለቡድን መሪዋ ትነግራለች፣ ቡድን መሪዋ ለዳይሬክተሩ፣ ዳይሬክተሩ ለሥራ አስኪያጁ፣ ሥራ አስኪያጁ ለቴክኒክ ዳይሬክተሩ፣ እሱ ለጥገና ቡድን መሪው፣ ቡድን መሪው ለጥገና ሠራተኛው። ስድስት ቅብብል ነው። “የትኛው መንታ መንገድ ጋ ነው?” የሚል ጥያቄ ቢመለስ ሌላ ስድስት። አሥራ ሁለት እጅ እስኪያልፍ ውኃው ሠፈሩን ያጥለቀልቃል፤ ከእጆቹ አንዱ ስብሰባ ላይ ከሆነማ አትጠይቁ። በድልድይ ብትሄድ ሠራተኛዋ በቀጥታ ለጥገና ሠራተኛው ትደውላለች፤ አንድ ቅብብል ነው።

ድልድይ ግን ዝም ብሎ መዝለል አይደለም። ከመዝለል የሚለየው በሦስት ነገር ነው። የሁለቱ ሠራተኞች የቅርብ አለቆች በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ በቀጥታ እንዲነጋገሩ አስቀድመው ፈቅደዋል። ሁለቱ የተስማሙበትን ወዲያው ለየአለቆቻቸው ያሳውቃሉ። ካልተስማሙ ወይም አንዱ አለቃ ከተቃወመ ድልድዩ ይዘጋና ጉዳዩ ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል። ስለዚህ ታሪኩ ውስጥ “ኃላፊዎቻቸው ተስማምተው” ወይም “ለኃላፊያቸው አሳውቀው” የሚል ሐረግ ካለ መርሁ አልተጣሰም፤ በድልድይ ተሠርቷል ማለት ነው። ሐረጉን ሳያዩ “ተጣሰ” ብሎ መመለስ የተለመደ ስህተት ነው።

በሥራ ቦታ ድልድይ መበላሸቱን የምታውቁበት ምልክት አለ። የጥገና ቡድን መሪው ጠዋት ሠራተኞቹን ሲመድብ ሁለቱ አስቀድመው መስክ መውጣታቸውን የሚሰማው ከሹፌሩ ከሆነ የማሳወቁ ነገር ቀርቷል። ይህ ሲደጋገም ቡድን መሪው ተቆጥቶ ድልድዩን ራሱ ይዘጋዋል፤ ነዋሪው እንደገና አሥራ ሁለት እጅ ይጠብቃል። ለዚህ የሚበቃው መድኃኒት አንድ መዝገብ ነው፤ ጥሪው የመጣበት ሰዓት፣ ቦታው፣ የተላከው ሠራተኛ፣ ለቡድን መሪው የተነገረበት ሰዓት።

እርምጃ 4፦ ቀስቱ ጤነኛ ከሆነ ሣጥኖቹን ተመልከቱ

ትእዛዙ ከአንድ አለቃ መጥቶ፣ መንገዱንም ጠብቆ፣ ሥራው ግን አሁንም አልሄድ ካለ ችግሩ ቀስቱ ላይ ሳይሆን ሣጥኑ ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሰውየው የሚሠራቸውን የሥራ ዓይነቶች ጻፉ። የሥራ ክፍፍል መርህ የሚመጣው እዚህ ነው፤ ሰው አንድን ዓይነት ሥራ ደጋግሞ ሲሠራ እጁ ይፍታታል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀያየር የሚባክነው ጊዜ ይቀራል። ከፋዮል በፊት አዳም ስሚዝ በ1776 እስፒል የሚሠሩ አሥር ሰዎች ሥራውን ተከፋፍለው በቀን ከ48,000 በላይ እንደሚያወጡ ጽፎ ነበር።

ስድስት ሴቶች የሚሠሩበት የእንጀራ መጋገሪያ ውሰዱ። እያንዳንዷ የራሷን ሊጥ ታቦካለች፣ አብሲት ትጥላለች፣ ትጋግራለች፣ እንጀራውን ትቆጥራለች፣ ደንበኛ ሲመጣም ተነሥታ ትሸጣለች። የመጋገሪያው ባለቤት የሚያማርሩት ስለ መብራት ሒሳብ ነው። ምክንያቱ ሥዕሉ ላይ አለ፤ ጋጋሪዋ ለደንበኛ ስትነሣ ምጣዱ ባዶውን ይግላል፤ ተመልሳ ስትመጣ ማሰሱም ይበዛል፣ የመጀመሪያው እንጀራም ዓይኑ አያምርም። አንዷ ሊጥና አብሲት ብቻ፣ አራቱ ምጣድ ላይ ብቻ፣ አንዷ ቆጠራና ሽያጭ ብቻ ቢሆኑ ምጣዱ ሰው አይጠብቅም።

ይህ ክፍፍል ወሰን አለው፤ ፋዮልም ወሰኑን የሚያሳየው ልምድና ልክን ማወቅ ነው ይላል። ሊጧን የምታውቀው አንዷ ብቻ ከሆነች እርሷ በታመመች ማግስት ስድስቱም ቁጭ ይላሉ። እኔ የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው፦ መሣሪያው ሰው የሚጠብቅ ከሆነ ክፍፍሉ ያንሳል፤ ሰዎቹ ሥራ የሚጠብቁ ከሆነ ክፍፍሉ በዝቷል። በዝቶ ሲገኝ መፍትሔው ክፍፍሉን ማፍረስ ሳይሆን በየወሩ አንድ ተጨማሪ ሴት ሊጡን እንድትማር ማድረግ ነው።

አንድ ማምታቻ እዚህ አለ። “አንዱ ሰው ራሱ ይገዛል፣ ራሱ ይረከባል፣ ራሱ ይከፍላል” የሚል ታሪክ ሲመጣ ብዙ ሰው የሥራ ክፍፍል ይላል። እዚያ የሚፈለገው መለያየት ፍጥነትንና ችሎታን ለመጨመር አይደለም፤ አንዱ ሌላውን እንዲቆጣጠር ነው። ይህ የውስጥ ቁጥጥር ጉዳይ ነው፤ አንዳንዴም ሥራውን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ታሪኩ ስለ ጉድለትና ስለ ማጭበርበር ካወራ ከፋዮል መርሆች ይልቅ ወደ ቁጥጥር አዘንብሉ።

እርምጃ 5፦ ተመሳሳዮቹን አጣሩ

ከትእዛዝ አንድነት ጋር ይበልጥ የሚምታታው የአመራር አንድነት ነው። ልዩነቱ በምን እንደምትቆጥሩ ላይ ነው። በአንድ ሰው ላይ ያሉ አለቆችን ስትቆጥሩ የትእዛዝ አንድነት፤ ለአንድ ግብ ያሉ ዕቅዶችንና መሪዎችን ስትቆጥሩ የአመራር አንድነት። የሽያጭ ክፍሉና የማስታወቂያ ክፍሉ ለአንድ ምርት በአንድ ሳምንት ሁለት የተለያየ ዋጋ ቢያወጡ ማንም ሠራተኛ ሁለት አለቃ የለውም፤ ግቡ ግን ሁለት ዕቅድ አለው። ይህ የአመራር አንድነት ነው።

ሥልጣንና ኃላፊነት የሚባለው ደግሞ ተጠያቂነቱ ከሥልጣኑ ሲበልጥ ነው። በተቀማጭ ገንዘብ ዕቅድ የሚገመገም የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የተበላሸ ማተሚያ ለማስጠገን እንኳ ዋና መሥሪያ ቤት ማስፈቀድ ካለበት፣ ቀስቱ አንድ ነው፣ መንገዱም ትክክል ነው፣ የሥራ ዓይነቱም የታወቀ ነው። የጎደለው ሣጥኑ ውስጥ ሊኖር የሚገባው የመወሰን አቅም ነው።

መርሁ የማይሠራበት ቦታ

ሁለት ድፍን ቀስት ሆን ተብሎ የሚሠራበት አደረጃጀትም አለ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ያየውን ሁሉ “ተጣሰ” ይላል። ፍሬድሪክ ቴይለር በፋብሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ እንደየሥራው ዘርፍ በስምንት የተለያዩ ፎርማኖች እንዲመራ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ፋዮል ይህን የትእዛዝ አንድነትን የሚያፈርስ ነው ብሎ ተቃውሞታል። በእኛ አገር የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ለወረዳው አስተዳደርም፣ በሙያው ለበላይ ቢሮም ተጠሪ ናቸው። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ሁለቱ ቀስቶች በአንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ ወይ የሚለው ነው። ቢሮው “ክትባቱ በዚህ አሠራር ይሰጥ” ካለና አስተዳደሩ “ማክሰኞ በዚህ ቀበሌ ይሰጥ” ካለ ጉዳዩ ሁለት ነው፤ ባለሙያው አይጨነቅም። ሁለቱም ለማክሰኞ የተለያየ ቦታ ከላኩት ግን የፋዮል ማስጠንቀቂያ ባለበት ይሠራል።

ሆስፒታልም እንዲሁ ነው። ነርሷ ስለ ሕክምናው የሐኪሙን፣ ስለ ተራዋ የዋና ነርሷን ትእዛዝ ትቀበላለች። ሐኪሙ “ዛሬ ማታም አንቺ እደሪ” ባለ ጊዜ ወደ ዋና ነርሷ መስመር ገብቷል።

ለመለማመድ

መልሱን ሸፍናችሁ እነዚህን ሞክሩ።

ሁለት ወንድማማቾች ባቋቋሙት ጋራዥ ታላቅየው መካኒኩን “ታክሲውን ጨርስ” ሲለው ታናሽየው ከኋላ መጥቶ “አይሱዙውን አስቀድም” ይለዋል። የትእዛዝ አንድነት ነው፤ በሁለተኛው በር የገባ። መካኒኩ ታክሲውን ቢጨርስም አይሱዙውን ቢያስቀድም ከአንዱ ስድብ አያመልጥም።

የአንድ ፋብሪካ የማምረቻ ሠራተኛና የማሽን ጥገና ሠራተኛ አለቆቻቸው በፈቀዱላቸው መሠረት ብልሽት ሲኖር በቀጥታ ይነጋገራሉ፤ በፈረቃው ማብቂያ ለየአለቆቻቸው ሪፖርት ያደርጋሉ። ምንም አልተጣሰም፤ ድልድይ ነው። ይሁን እንጂ ሪፖርቱን እስከ ፈረቃው ማብቂያ ማቆየቱ ድክመት ነው፤ ወዲያው ቢሆን ይሻላል።

አንዲት ጸሐፊ ለሦስት ኃላፊዎች ትጽፋለች። ሦስቱም ደብዳቤያቸውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠው “አስቸኳይ” ብለው ይሄዳሉ። ሠራተኛ ማነስ ነው ብሎ ወደ ሥራ ክፍፍል መሮጥ ይቀልል ይሆናል፤ ሥዕሉ ግን በአንድ ሣጥን ላይ “መጀመሪያ ይህን” የሚሉ ሦስት ድፍን ቀስቶችን ያሳያል፤ የትእዛዝ አንድነት ነው፣ አራተኛው በር። ሁለተኛ ጸሐፊ መቅጠር ቀስቶቹን አይቀንሳቸውም፤ ሦስቱም ወደ ጎበዟ መሄዳቸው አይቀርም። መፍትሔው ከሦስቱ አንዱን የጸሐፊዋ አለቃ ማድረግ ነው። የሌሎቹ ሁለቱ ደብዳቤዎች በእሱ በኩል ይገባሉ፤ ጠዋት በሦስት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ተራ ቁጥር ይጽፍባቸዋል። በመሐል እውነተኛ አስቸኳይ ነገር ከመጣ ኃላፊው ሄዶ የሚያስፈቅደው እሱን እንጂ ጸሐፊዋን አይደለም።